የሙከራ ጊዜ ላይ ላላችሁ፦ አለቃን አስተያየት እንዴት እንጠይቅ?

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገና ለተቀጠራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ አስተያየት ስትጠይቁ መሃል ላይ፣ ለማስተካከል ጊዜ እያላችሁ ይሁን። በመጨረሻው ሳምንት ከሆነ የጭንቀት ይመስላል።

«ሥራዬ እንዴት ነው? ችግር አለብኝ እንዴ?» ካላችሁ አለቃው ማጽናናት ይጀምራል። «ኧረ ምንም አይልም፣ በርታ!» ብሎ ያልፋል፤ እናንተም ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ይልቅ አንድ ሥራ ይዛችሁ ቅረቡ። ስፌት ላይ ከሆናችሁ ለምሳሌ፦

«ጋሼ፣ ኪስ ስፌት ላይ ፍጥነቴ ተሻሽሏል፤ ተመላሽ ግን አሁንም አለብኝ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ ቢሰጡኝ፣ መጀመሪያ የቱን ላስተካክል ብዬ ልጠይቅዎት ነበር።»

«ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» አታብዙ። ሽፍት ሲቀየር ደግሞ በፍጹም፤ ያኔ ሰውየው ርክክብ ላይ ነው፣ ማን ይሰማችኋል?