ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ወደ ሒሳብ ሥራ የተመለስኩበት መንገድ

እናቴን ለማስታመም ሥራ ካቆምኩ 14 ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ዕድሜዬ 52። ደሴ ላይ የሚለጠፉት ክፍት የሥራ ቦታዎች ወይ የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፣ ወይ የቅርብ ጊዜ ልምድ ይጠይቃሉ። ኮምቦልቻ ላሉ ፋብሪካዎች ያስገባሁት ማመልከቻም መልስ አላገኘም።

መፍትሔ የሆነኝ ማስታወቂያውን ትቶ የሥራውን ወቅት መከተል ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ነጋዴዎች ግብራቸውን እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃሉ። በእነዚህ ወራት የግል ሒሳብ አዋቂዎች ቢሮ በደረሰኝ ይጥለቀለቃል፤ የሚፈለገውም ትዕግሥተኛ እጅ ነው።

ሰኔ ላይ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን ቢሮዎች በአካል ዞርኩ። «ሥራ አለ ወይ?» ከማለት ይልቅ፣ «ደረሰኝ በወር ለይቼ ከባንክ መግለጫ ጋር አስታርቃለሁ» አልኩ። አንዱ ባለቤት ለሙከራ የአንድ ነጋዴ ደረሰኝ የታጨቀበት ካርቶን ሰጡኝ። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ስለሚደበዝዝ፣ ሊጠፉ የደረሱትን አስቀድሜ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ፤ ይህን ወደዱልኝ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እዚያው ተለማመድኩት።

ውሉ እስከ ጥቅምት ብቻ ነበር። ወርኃዊው የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ስለሆነ፣ እሱን ልያዝ ብዬ ጠይቄ ቀረሁ። ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነውና፣ ቋሚ ስትሆኑ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መጀመሩን አረጋግጡ።