40 ኪዩብ አሸዋ ስንት ቶን ነው? ስንት ቢያጆስ?

40 ሜትር ኪዩብ አሸዋ ለማዘዝ ስልክ ስትደውሉ ደላላው ሳያስብ የሚሰጣችሁ መልስ «ሦስት ሲኖ» ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ የሲኖው ካሶኒ 16 ኪዩብ ይይዛል፣ 40 ለ16 ሲካፈል ሁለት ተኩል ይመጣል፣ ስለዚህ ሦስት ቢያጆ። ካሶኒው 16 መያዙ እውነት ነው። ግን 16 ኪዩብ አሸዋ ወደ 25 ቶን ይጠጋል። ከመቂ ወይም ከቆቃ ወገን ጭኖ የሚመጣ መኪና ይህን ይዞ ሞጆ ላይ ሚዛን ቢወጣ ሾፌሩ ምን እንደሚገጥመው ያውቀዋል።

ከታች ያለው ስሌት ካልኩሌተር፣ የሜትር ማስመሪያ፣ ባልዲና የሰውነት ሚዛን ብቻ ይፈልጋል። በስልክ ላይ የሚገኙትን የመቀየሪያ አፕሊኬሽኖች ተዉአቸው። ለማንኛውም አሸዋ አንድ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 1.6፣ ሰጥተው ይገላግሏችኋል። እናንተ የምትገዙትን አሸዋ ግን አላዩትም።

መጀመሪያ፦ አንድ ኪዩብ ስንት ቶን እንደሆነ እራሳችሁ መዝኑ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። እዚህ ከተሳሳታችሁ የቀረው ሁሉ ይሳሳታል።

20 ሊትር የሚይዝ ባዶ የቀለም ባልዲ ፈልጉ። ባዶውን መዝኑ። ከዚያ እስከ አፉ ውሃ ሙሉትና መዝኑ። ባልዲውን ታቅፋችሁ ሚዛኑ ላይ ቁሙና የራሳችሁን ክብደት ብትቀንሱ ይበቃል። ውሃውን ድፉና በዚያው ባልዲ አሸዋ ሙሉበት፤ ሳትጠቀጥቁ፣ አፉን በጣውላ አስተካክላችሁ። መዝኑት። የባልዲውን ክብደት ከሁለቱም ቀንሱና የአሸዋውን ለውሃው አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር የአንድ ሜትር ኪዩብ አሸዋ ክብደት ነው፣ በቶን። ምክንያቱም አንድ ኪዩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። ባልዲው በትክክል 20 ሊትር ባይሆንም ግድ የለም፤ ውሃውም አሸዋውም የተለኩት በዚያው ባልዲ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ውሃው 20.8 ኪሎ፣ አሸዋው 32.2 ኪሎ ሆነ እንበል። 32.2 ለ20.8 ሲካፈል 1.55 ነው። ስለዚህ 40 ኪዩቡ 62 ቶን ይመዝናል።

አሸዋውን ከክምሩ ላይኛው ገጽ አትውሰዱ። እሱ ፀሐይ ያደረቀው ነው። በአካፋ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ከውስጥ አውጡ። ከሦስት ቦታ ወስዳችሁ አማካዩን ብትይዙ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። «ርጥብ አሸዋ ከደረቅ ይከብዳል» ይባላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ትንሽ እርጥበት ያለው አሸዋ፣ ስትጨብጡት እንደ እንክብል የሚቆመው ዓይነት፣ በኪዩብ ሲለካ ከደረቁ ሊቀልል ይችላል። ስስ የውሃ ሽፋን ቅንጣቶቹን ይዞ ስለሚያራርቃቸው አሸዋው ያብጣል፤ በተለይ ደቃቁ። በዚህ ሁኔታ አንድ ኪዩቡ ወደ 1.4 ቶን ወይም ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ውሃው እየበዛ ሲሄድ ግን ሽፋኑ ይፈርስና ቅንጣቶቹ ተመልሰው ይጠጋጋሉ። ከወንዝ አሁን የወጣ፣ በኋለኛው ስፖንዳ ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብ አሸዋ ከ1.9 እስከ 2 ቶን ይደርሳል።

እብጠቱን ለማየት ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፉን ቆርጣችሁ እርጥበት ያለውን አሸዋ 20 ሳንቲሜትር ድረስ ሙሉበት። ከዚያ አውጡትና ግማሽ ድረስ ውሃ ጨምሩበት፤ አሸዋውን መልሳችሁ ቀስ በቀስ እያማሰላችሁ ክተቱት። ሲረጋ ከፍታውን ለኩ። 16 ላይ ከቆመ አሸዋችሁ 25 በመቶ አብጦ ነበር ማለት ነው። ጭነቱ ሳይት ሲደርስ «ጎደለ» የሚባለው ጠብ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። መንገዱ አንቀጥቅጦት ቁልቁል ተቀምጧል እንጂ የሰረቀው ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ባልዲውን የምትመዝኑት መኪናው በሚጫንበት ቀን፣ በሚጫንበት ሁኔታ ነው። የባለፈው ወር ቁጥር አይሠራም።

ቀጥሎ፦ መኪናው በሕግ ምን ያህል ይችላል?

ሊብሬውን አስመጡ። የባዶ መኪናውን ክብደትና የመጫን አቅሙን ያሳያል። አቅሙ በኩንታል ከተጻፈ 10 ኩንታል አንድ ቶን ነው።

ሊብሬው ግን ብቻውን አይበቃም። ሚዛን ጣቢያ የሚያየው እያንዳንዱን አክስል ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ገደብ ለፊት አክስል 8 ቶን፣ ለሌላው ነጠላ አክስል 10 ቶን ነው። የኋላው ሁለቱ የተጠጋጉ አክስሎች ሲሆኑ ግን «10 ሲደመር 10» ብላችሁ አትደምድሙ። ለጥንድ አክስል ዝቅ ያለ ቁጥር የሚይዙ ደንቦች አሉ፤ በኮሜሳ የሚሠራበት 16 ቶን ነው። መኪናው የሚያልፍበትን ሚዛን ጣቢያ «ለጥንዱ ስንት ነው የምትይዙት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በምሳሌው 20 እወስዳለሁ፣ በኋላ በ16 ምን እንደሚሆን አሳያችኋለሁ።

ሦስት አክስል ያለው ሲኖ ባዶውን 12.5 ቶን ነው እንበል፤ ፊት 5.5፣ ኋላ 7። ከፊቱ አክስል እስከ ኋላው ጥንድ መሐል ያለው ርቀት 4.5 ሜትር ነው። አሸዋው ካሶኒው ላይ እኩል ከተነጠፈ የክብደቱ መሐል ከኋላው ጥንድ መሐል ትንሽ ወደፊት ያርፋል፣ 60 ሳንቲሜትር ያህል እንበል። 0.6 ለ4.5 ሲካፈል 13 በመቶ ገደማ ነው። ከጭነቱ ይህን ያህሉ ወደ ፊት አክስል ይሄዳል፤ 87 በመቶው ኋላ ላይ ይቀመጣል።

የኋላው ጥንድ 20 ሊሸከም ይችላል፣ 7ቱ የራሱ ነው፣ 13 ይቀረዋል። 13 ለ0.87 ሲካፈል 15 ቶን። ፊቱ ሲታይ 5.5 ላይ 2 ተጨምሮ 7.5 ነው፣ ከ8 በታች። ስለዚህ ይህ መኪና 15 ቶን፣ ማለትም 150 ኩንታል ይጭናል። በ1.55 ሲካፈል ከ10 ኪዩብ ትንሽ ያንሳል። 16 የሚይዘው ካሶኒ ሁለት ሦስተኛው እንኳ አይሞላም።

ሊብሬው ከ15 ቶን ያነሰ ካለ የሊብሬው ይጸናል። ሁልጊዜ ትንሹን ያዙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሎደሩ አሸዋውን ወደ ኋላ አካባቢ ከዘረገፈውና የክብደቱ መሐል ከ60 ወደ 20 ሳንቲሜትር ከሸሸ፣ ያው 15 ቶን ጭነት ኋላውን ወደ 21.3 ቶን ያደርሰዋል። ጠቅላላ ክብደቱ ያው 27.5 ነው፣ ግን መኪናው ይያዛል። «ድምሩ እኮ ልክ ነው!» የሚል ሾፌር በሚዛን ጣቢያ ብዙ ነው። ሎደሩ ሲጨርስ ረዳቱ በአካፋ ቢያስተካክለው ነገሩ ያልቃል።

ስንት ቢያጆ?

62 ለ15 ሲካፈል 4.13 ነው። አራት አይደለም፣ አምስት ነው። አራት ሙሉ ጭኖ አምስተኛውን ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ከማምጣት ለአምስቱ እኩል ማካፈል ይሻላል፤ በየቢያጆው 12.4 ቶን፣ 8 ኪዩብ። ሊብሬው 125 ኩንታል ብቻ ቢፈቅድ እንኳ ይሄዳል። የጥንዱ ገደብ 16 ቢሆን ደግሞ የሚጫነው ወደ 10.4 ቶን ይወርዳል፣ ቢያጆውም ስድስት ይሆናል።

ሾፌሩ «አለቃ፣ እኛ ሁልጊዜ ሞልተን ነው የምንሄደው» ማለቱ አይቀርም። ዋጋውን በቢያጆ ሳይሆን በቶን ወይም በኪዩብ ተነጋገሩ፤ አለበለዚያ ሞልቶ መጫን ለሁላችሁም ርካሽ መስሎ ይታያል።

ስምንት ኪዩብን ካሶኒ ላይ ማሳየት

የጭነት ቦታ ላይ ቶን የሚያሳይ ነገር የለም። ከፍታ ግን አለ። የካሶኒውን ውስጥ ለኩ። ርዝመቱ 5.2፣ ስፋቱ 2.3 ሜትር ከሆነ ወለሉ 12 ካሬ ገደማ ነው። 8 ለ12 ሲካፈል 0.67 ሜትር። ከወለሉ 67 ሳንቲሜትር ላይ በስፖንዳው ውስጥ ዙሪያውን በኖራ ወይም በቀለም መስመር አስምሩ። አሸዋው ተስተካክሎ መስመሩ ላይ ሲደርስ ሎደሩ ያቁም። የሎደር አካፋ መቁጠር አልወድም። አንዱ ተከምሮ፣ ሌላው ጎድሎ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ቢያጆ የግል ሚዛን ካገኛችሁ አስመዝኑት፣ ከተቻለ አክስል በአክስል። ወረቀቱ ከ12.4 ይልቅ 13 ቶን ካለ አሸዋው ከገመታችሁት ይከብዳል ማለት ነው። 67ን በ12.4 አባዙና ለ13 አካፍሉ፤ 64 ይመጣል። ሊብሬው 125 ኩንታል ብቻ ከፈቀደ መስመሩን ወደ 64 አውርዱ፤ ያኔ ግን አምስቱ ቢያጆ ከ40 ኪዩብ ትንሽ ያንሳል። ለቀሩት አራቱ እንደገና መመዘን አያስፈልግም፣ አሸዋው ያው እስከሆነ ድረስ።

ዝናብ ከዘነበ ወይም አሸዋው ከውሃ ገና የወጣ ከሆነ ግን ያው አይደለም። ያው 8 ኪዩብ በ1.9 ሲባዛ 15.2 ቶን ነው፤ ከ15 አለፈ። በዚያ ቀን ወደ 7 ኪዩብ ውረዱ፣ መስመሩ 58 ሳንቲሜትር ላይ፤ 13.3 ቶን ይሆናል። 40 ለ7 ስድስት ቢያጆ ይሰጣል። አንድ ሌሊት ክምሩ ላይ ተንጠፍጥፎ ቢያድር ግን አብዛኛው ነፃ ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ጊዜ ካላችሁ ለውሃ ማጓጓዣ ከመክፈል ማሳደሩ ይረክሳል። በማግስቱ ባልዲውን እንደገና መዝኑ።