የብድር መክፈያ ሰንጠረዥ እንዴት ይፈተሻል? ወለዱ በስንት ቀን ተሰላ?

ብድር ሲፈቀድ ከውሉ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ተያይዞ ይሰጣል። ቀን፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ ወለድ፣ ዋና ገንዘብ፣ ቀሪ ዕዳ የሚሉ አምዶች አሉት። አብዛኛው ተበዳሪ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አይቶ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል። ስህተት ካለ ግን የሚገኘው ከዚያ ቀጥሎ ባሉት አምዶች ነው። ወርሃዊው ክፍያ ሳይነቃነቅ ወለዱ ከፍ፣ ዋናው ዝቅ ሊል ይችላል።

ሰንጋ ተራ አካባቢ የነጋዴዎችን ሂሳብ ስለምሠራ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ብዙ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። አንዱን እንውሰድ። ስታዲየም አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛዬ 500,000 ብር ተበደረ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 2 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 24,962.05 ብር ነው። ብሩ የተለቀቀው መስከረም 21 ቀን 2018 ሲሆን፣ ወረቀቱ ላይ ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ተብሎ ተጽፏል።

1. ውሉን አውጡ። የሚፈለጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የወለዱ መጠንና ዓመቱ በስንት ቀን እንደሚታሰብ። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ጽሑፍ መሀል ነው ያለው። በ365 ወይም በ360 ይላል። የደንበኛዬ ውል 365 ይል ነበር።

2. የመጀመሪያው መስመር ስንት ቀን እንደተቆጠረበት አውጡ። ዋናው ሥራ ይኼ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ወለድ የሚሰላው ቀሪው ዕዳ በዓመቱ የወለድ መጠን ተባዝቶ፣ ከዚያ ላለፉት ቀናት ድርሻቸው ተወስዶ ነው። የ500,000 ብር የዓመት ወለድ 90,000 ብር ነው። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 1 ድረስ 31 ቀን አለ። ስለዚህ 90,000 × 31 ÷ 365 = 7,643.84 ብር። ከ24,962.05 ላይ ይህ ሲነሳ 17,318.21 ይተርፋል፤ ዋናው ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። ቀሪው ዕዳ 482,681.79 ይሆናል።

የደንበኛዬ ወረቀት ላይ ግን ወለዱ 7,750.00 ይላል። ከየት መጣ? እዚህ ላይ ዝም ብሎ «ተሳስታችኋል» ከማለት ስሌቱን ወደ ኋላ መሥራት ይሻላል። የተጻፈውን ወለድ በ365 አባዙትና ለዓመቱ ወለድ አካፍሉት፦

```
7750 × 365 ÷ 90000 = 31.43
7750 × 360 ÷ 90000 = 31.00
```

31.43 ቀን የሚባል ነገር የለም። በ360 ሲሞከር ግን ድፍን 31 መጣ። ማለት ሲስተሙ ቀኑን በትክክል ቆጥሯል፤ ዓመቱን ግን ውሉ ከሚለው በ5 ቀን አሳጥሮታል። በመጀመሪያው ወር ልዩነቱ 106.16 ብር ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን 18 በመቶ የተባለውን ወለድ በተግባር 18.25 በመቶ ያደርገዋል። ውሉ ራሱ 360 ቢል ኖሮ አበዳሪውን የምንከስበት ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ ዘዴ ሌላም ነገር ያጋልጣል። በ365 ሲሠራ 32 ከመጣ ብሩ የተለቀቀበት ቀንም የተከፈለበት ቀንም አብረው ተቆጥረዋል፤ አንዱ መውጣት አለበት። 7,500.00 ተጽፎ ካያችሁ ደግሞ ቀን አልተቆጠረም፣ የዓመቱ ወለድ በቀጥታ ለ12 ተካፍሏል ማለት ነው። ውሉ በወር ይሰላል ካለ ልክ ነው።

አንድ የእኛ አገር ጣጣም አለ። ሰንጠረዡ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሠራ እኛ በልባችን የምንቆጥረው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነው። ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ብላችሁ 30 ቀን ብትይዙ ትሳሳታላችሁ፤ ኖቬምበር 1 ጥቅምት 22 ነው። መክፈያው በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት 36። የመስከረም ወለድ ዘሎ ብታዩ አትደንግጡ።

3. ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ወለዱ አሁን የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። 482,681.79 × 18 በመቶ × 30 ÷ 365 = 7,141.05። ዋናው 17,821.00 ይሆናል። እዚህም እዚያም ወለዱ ያው 7,500 ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ብድር ነው የያዛችሁት፤ ወለዱ እስከ መጨረሻው ድረስ በመነሻው 500,000 ላይ ይታሰባል። በዚያ ስሌት የ2 ዓመቱ ወለድ 180,000 ብር ይደርሳል። በቀሪ ዕዳ ሲሆን 99,000 ገደማ ነው። የመጀመሪያው መስመር ብቻውን ይህን አያሳይም፣ ሁለቱም ላይ 7,500 ሊሆን ይችላልና።

4. የቀረውን ለኤክሴል ስጡት። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የብድር ካልኩሌተሮች ለዚህ ሥራ አልወዳቸውም። አብዛኞቹ ዓመቱን ለ12 አካፍለው ያልፋሉ፣ ስለዚህ በቀን ከተሠራ ሰንጠረዥ ጋር አይገጥሙም። A ላይ ቀን፣ B ላይ ክፍያ፣ C ላይ ወለድ፣ D ላይ ዋና፣ E ላይ ቀሪ ዕዳ አድርጉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ብሩ የተለቀቀበትን ቀንና 500,000ን ብቻ ጻፉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ A እና B ላይ የመጀመሪያውን የመክፈያ ቀንና ክፍያ፣ በቀሩት አምዶች ደግሞ እነዚህን፦

```
C3: =ROUND(E2*0.18*(A3-A2)/365,2)
D3: =B3-C3
E3: =E2-D3
```

ከዚያ A እና Bን ከወረቀቱ እየሞላችሁ ሦስቱን ቀመሮች ወደ ታች መጎተት ነው። ቀኑን በፈረንጆቹ ጻፉ፤ አለዚያ ኤክሴል አይቀንስላችሁም።

ስትወርዱ ፌብሩዋሪ ላይ እንግዳ ነገር ታያላችሁ። የማርች 1 ወለድ 5,922.03 ነው። የኤፕሪል 1 ግን 6,265.45፤ ዕዳው ቀንሶ ወለዱ ጨመረ! ደንበኛዬ በቀይ እስክሪብቶ ያከበበው ይህንኑ መስመር ነበር። ስህተት አይደለም። የማርቹ ክፍያ የ28 ቀን ነው፣ የኤፕሪሉ የ31።

5. የመጨረሻው መስመር ዜሮ መሆን አለበት። ሳንቲሞች ስለሚጠጋጉና ቀናቱ እኩል ስላልሆኑ የመጨረሻው ክፍያ ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል፤ ጤናማ ነው። በሺዎች ከተለያየ ግን ወደ ላይ ተመልሳችሁ ኤክሴላችሁና ወረቀቱ የተለያዩበትን የመጀመሪያውን መስመር ፈልጉ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የእሱ ውጤት ነው።

ሰንጠረዡ በቀኑ ትከፍላላችሁ ብሎ የተሠራ እንደሆነም አትርሱ። ሁለተኛውን ክፍያ 5 ቀን ካዘገያችሁ፣ ቅጣቱ ሳይታሰብ፣ ወለዱ ብቻ በ1,190 ብር ገደማ ይጨምራል። ከዘገያችሁ A ላይ ያለውን ቀን በእውነት በከፈላችሁበት ቀን ቀይሩና ከሰንጠረዡ ይልቅ ከብድር ሂሳቡ ስቴትመንት ጋር አመሳክሩ።

ልዩነት ስታገኙ የብድር ክፍሉ ጋ ሙሉውን ሰንጠረዥ ይዛችሁ አትከራከሩ። ደንበኛዬ የወሰደው የውሉን ያንን ገጽና ከላይ ያሉትን ሁለቱን የ31 ቀን መስመሮች ነው። የጠየቀውም አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ውሉ 365 እያለ ሲስተሙ ላይ ለምን 360 ተሞላ?» አዲስ ሰንጠረዥ ታተመለት። የመጀመሪያው መስመር 7,643.84 ይላል።