የላንዲንግ ፔጅ መመዝገቢያ በተን እንዴት ይገመገማል?

አንድ የሥልጠና ተቋም የሦስት ወር የምሽት አካውንቲንግ ኮርስ ለማስተዋወቅ ላንዲንግ ፔጅ አሠርቷል እንበል። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ያየ ሰው ሊንኩን ነክቶ ይገባል። ከዚያ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፤ ስሙንና ስልኩን ሞልቶ መመዝገብ። ገጹ ላይ ግን ስድስት ምርጫ ያለው ሜኑ፣ ትልቅ ፎቶ፣ «ተጨማሪ ያንብቡ» እና «ይላኩ» የሚሉ ሁለት አረንጓዴ በተኖች፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ምልክቶችም አሉ። ይህንኑ ገጽ እንገምግመው።

1. ቦታውን በስልክ ስፋት እዩ

ክሮም ላይ F12፣ ቀጥሎ Ctrl+Shift+M ተጫኑና ስፋቱን 360 አድርጉት። ገጹን የሠራው ሰው ኮምፒውተር ላይ ስለሚያየው በተኑ ከፎቶው ጎን ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ስልክ ላይ ግን ፎቶው ስክሪኑን ይሞላውና በተኑ ወደ ታች ይወርዳል። ፎቶውን እስከ ስክሪኑ ሲሶ አሳጥሩት፤ ርዕሱ፣ ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀንና በተኑ ሳይንሸራተት ይታዩ።

በተኑን ወደ ላይ ማውጣት ብቻውን ግን አይበቃም። ዋጋውን ያላወቀ ሰው አይመዘገብም። ስለዚህ ዋጋውና የትምህርት ሰዓቱ ከተጻፉበት ቦታ ሥር ያንኑ በተን፣ በዚያው ቃልና በዚያው ቀለም ድገሙት። ቃሉ ከተለያየ አንባቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል።

2. ቃሉን ለብቻው አንብቡ

ከበተኑ በቀር ያለውን በእጃችሁ ሸፍኑና ገጹን አይቶ የማያውቅ ሰው «ይህን ብትነካው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይላኩ» ምን እንደሚላክ፣ ለማን እንደሚላክ አይናገርም። «ለምሽት ኮርሱ ይመዝገቡ» ግን ይናገራል። ቃሉ እውነት መሆኑንም አጣሩ። ፎርሙ ስልክ ብቻ ተቀብሎ ሠራተኛ የሚደውል ከሆነ ምዝገባው ገና አላለቀም፤ ያኔ «ይደወልልኝ» የሚለው ይሻላል።

አማርኛ ላይ ሁለት ነገር ተጨማሪ ዓይን ይፈልጋል። «ተመዝገብ» ሴቶችን ይተዋል፤ «ይመዝገቡ» ሁሉንም በአክብሮት ይይዛል። ሌላው፣ ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በተኑ ጠቦ ጽሑፉ ከተቆረጠ የሚቀረው «ለምሽት ኮርሱ…» ነው፤ የጠፋው ደግሞ ዋናው ቃል ነው። በ360 ስፋት ግሱ ሙሉ በሙሉ ካልታየ ጽሑፉን አሳጥሩ እንጂ ፊደሉን አታሳንሱ።

3. ቀለሙን በቁጥር ለኩ

«ቀለሙ አይስብም» ማለት ግምገማ አይደለም። በተኑ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ Inspect በሉ፤ ከ`color` አጠገብ ያለችውን ትንሽ ባለቀለም ሳጥን ስትነኩ ክሮም Contrast ratio የሚል ቁጥር ያሳያል። WCAG የተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ መጠን ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ ደግሞ 3 ይጠይቃል። የኛ በተን ነጭ ጽሑፍ በ`#4CAF50` አረንጓዴ ላይ ነው፤ ውጤቱ 2.78 ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ ስልኩን የያዘ ሰው ለማንበብ ይቸገራል። ወደ `#2E7D32` ቢጠቁር 5.13 ይሆናል፤ አረንጓዴነቱም አይጠፋም።

ቁጥሩ ጽሑፉን እንጂ በተኑ ከገጹ ተለይቶ መታየቱን አይነግርም። ለዚያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ገጹን እዩት። ጎልቶ የሚቀረው ፎቶው ወይም ሌላ አረንጓዴ ነገር ከሆነ፣ ያን ቀለም ከሌላው ቦታ አንሱና ለበተኑ ብቻ ተዉለት።

4. የሚሻሙትን ሊንኮች ቁጠሩ

በዚያው መስኮት Console ውስጥ ይህን ጻፉ፦

```
document.querySelectorAll('a[href], button').length
```

የሚወጣው ቁጥር የተደበቁትንም ይቆጥራል፤ ስለዚህ መነሻ ብቻ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን «ወደ ምዝገባው ይወስዳል ወይስ ከገጹ ያስወጣል?» እያላችሁ ለዩ። ሜኑው ያስወጣል፤ ይነሳ። የቴሌግራሙ ምልክት ደግሞ ከቴሌግራም የመጣውን ሰው መልሶ ወደዚያው ይልከዋል። የምልክቱ ቦታ ሰውየው ከተመዘገበ በኋላ የሚያየው የምስጋና ገጽ ነው። ገጹ ላይ የተቋሙ ስልክ ቁጥር ካለ ግን ይቆይ፤ ፎርም መሙላት የማይወድ ሰው በሱ በኩል ይመዘገባል። «ተጨማሪ ያንብቡ» በተን መሆኑ ቀርቶ እዚያው ገጽ ላይ ወደ ዝርዝሩ የሚያወርድ፣ የተሰመረበት ተራ ጽሑፍ ይሁን።

5. አስተያየቱን ለሚያስተካክለው ሰው ጻፉ

ለእያንዳንዱ ችግር የት እንዳለ፣ ለምን እንደሚያሰናክልና በምን እንደሚተካ አስፍሩ። ለምሳሌ፦ «ፎርሙ ሥር ያለው በተን፤ ‹ይላኩ› ምን እንደሚሆን አይገልጽም፤ ‹ለምሽት ኮርሱ ይመዝገቡ› ይባል።» ቅድሚያ ለቃሉና ለሊንኮቹ ስጡ። ቀለሙ ቢያምርም፣ የማይገባ ቃል የያዘ በተን ይበልጥ ጎልቶ ግራ ያጋባል።