ስፖንሰሩ ክፍያ እንዲጨምር የሚጻፍ ደብዳቤ፦ የት ላይ ይሰናከላል፣ እንዴት ይስተካከላል?

የምንሠራበት ምሳሌ ይህ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ስለ ቤት ዕቃና ቤት ማስዋብ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ከአንድ የፈርኒቸር ሱቅ ጋር በቪዲዮ 12,000 ብር ተዋውሎ ስድስት ወር ሠርቷል። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው 18,000 ብር እንዲሆንለት ደብዳቤ መጻፍ ፈልጓል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

ምልክት፦ «ደርሶናል፣ እናየዋለን» ይባልና ዝም ይባላል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አንቀጽ ነው። «64,000 ተከታይ አለኝ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ቪዲዮዎቼ 300,000 ጊዜ ታይተዋል» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ለባለሱቁ አዲስ ነገር አይነግራቸውም። የተከታዩን ብዛት ሲዋዋሉም አይተውታል። 300,000ውን ደግሞ የሂሳብ ሠራተኛቸው ገጹን ከፍቶ ሲያጣራ፣ ዘጠኙ ቪዲዮዎች ከ9,000 እስከ 14,000 ባለው ውስጥ ሆነው አንዱ ብቻውን 212,000 እንደታየ ይደርስበታል። የአሥሩ አማካይ 30,000 ይወጣል፤ ነገር ግን 30,000 አካባቢ የታየ ቪዲዮ አንድም የለም። ይባስ ብሎ ያ 212,000 የታየው የሱቁ ማስታወቂያ ሳይሆን ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ሲግጥ የተቀረጸው ነው። ከዚህ በኋላ የቀረው ደብዳቤ እውነት ቢሆንም በጥርጣሬ ነው የሚነበበው።

መፍትሄው ሌላውን ሁሉ ትቶ የእሳቸውን ማስታወቂያዎች ብቻ ማወዳደር ነው። በውሉ መጀመሪያ የወጡትን አራት ቪዲዮዎች በአንድ ወገን፣ የመጨረሻዎቹን አራት በሌላ ወገን አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ የሚጻፈው እይታ በወጣ በሰባተኛው ቀን የነበረው ነው። የዛሬውን ድምር ከወሰዳችሁ የቀድሞዎቹ ለወራት ሲታዩ ስለቆዩ ገዝፈው ይወጣሉ፣ እድገታችሁም ይሸፈናል። ስለዚህ ቪዲዮ በለቀቃችሁ በሳምንቱ ቁጥሩን ደብተር ላይ የማስፈር ልማድ ያስፈልጋል።

ከዚያ አማካዩን ሳይሆን የመሃሉን ቁጥር ውሰዱ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ፣ አራት ከሆኑ መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት 4,800፣ 5,100፣ 5,900 እና 6,300 ቢሆኑ የመሃሉ 5,500 ነው። የመጨረሻዎቹ 7,900፣ 8,400፣ 9,100 እና 9,600 ቢሆኑ 8,750 ነው።

አሁን ዋጋው ራሱ ይናገራል። ሱቁ በውሉ መጀመሪያ 12,000 ብር ከፍሎ 5,500 እይታ ሲያገኝ ለአንድ እይታ 2 ብር ከ18 ሳንቲም ገደማ ወጥቶበታል። በ18,000 ብር 8,750 ሲያገኝ ደግሞ 2 ብር ከ6 ሳንቲም ገደማ ይወጣበታል። ማለትም ጭማሪው ተከፍሎም አንድ እይታ ከተዋዋሉበት ጊዜ ረክሶላቸዋል። ይኼው ስሌት ጣሪያውንም ያሳያል፤ 8,750ን በ2.18 ስታባዙ 19,000 ብር አካባቢ ነው። 25,000 ብር መጠየቅ የፈለገ ሰው ስለዚህ ከእይታ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ሱቁ ራሱ ገንዘብ ከፍሎ ያስፋፋው ቪዲዮ ካለ በዚያ የመጣው እይታ የእናንተ አይደለም። ቀንሱት፤ መቀነሳችሁንም ጻፉ። ከፋዩ እሳቸው ስለሆኑ ያውቁታል።

ምልክት፦ «መታየቱንስ ታየ፤ ገዢ ግን አልመጣም»

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። ብዙ ጊዜ ገዢ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም፤ የቆጠረው ሰው የለም። የሀዋሳ ገዢ ሊንክ ተጭኖ ሶፋ አያዝም። ይደውላል፣ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ድረስ መጥቶ በእጁ ዳስሶ ያያል። ካሸሩ «ከየት ሰሙን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ቲክቶክ ላይ» ነው። ሱቁ ከሦስት ሰው ጋር የሚሠራ ከሆነ ከሦስቱ የማናችሁ ሥራ እንደሆነ በዚህ አይለይም።

መፍትሄው ከደብዳቤው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይጀመራል። ሱቁ ለእናንተ ቪዲዮ ብቻ የሚሆን አንድ ሲም ካርድ እንዲያወጣ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሌላ ቦታ አይለጠፍም። በተጨማሪ ቪዲዮው ውስጥ አንድ የይለፍ ቃል ተናገሩ፤ «ታቦር ብላችሁ ንገሯቸው፣ ከተማ ውስጥ ማድረሻው ነጻ ነው» እንደማለት። ጥቅም የሌለበትን ቃል ማንም አያስታውስም፣ ስለዚህ ነጻ ማድረሻው ወይም ትንሽ ቅናሹ ግድ ነው። ካሸሩ ጋ አንድ ደብተር ይቀመጥና ቃሉን ለተናገረ ገዢ ቀኑና የገዛው ዕቃ ይሰፍራል። ሱቁ የቴሌግራም ቻናል ካለው አስተዳዳሪው ለእናንተ ብቻ የሚሆን የመጋበዣ ሊንክ መፍጠርና ስም መስጠት ይችላል፤ በዚያ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቻናሉ ራሱ ይቆጥራል።

በወሩ መጨረሻ 61 ጥሪና 14 ቃሉን የተናገሩ ገዢዎች ቢገኙ ደብዳቤው ላይ የሚገቡት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የሽያጩን ብር እናንተ አትጻፉ። መዝገቡ የእሳቸው ነው፤ ገምታችሁ ከጻፋችሁ ክርክሩ ወደ ግምቱ ይዞራል። «የ14ቱን ገዢዎች ሽያጭ ከደብተርዎ መመልከት ይችላሉ» ማለት ይበቃል፤ ድምሩን ራሳቸው ሲያወጡት የበለጠ ያምኑታል።

የአስተያየት መስጫው ሁለተኛው ማስረጃ ነው፤ የሚቆጠረው ግን እየተለየ ነው። ጭብጨባና እሳት የለጠፈ ሰው ገዢ ላይሆን ይችላል። «ዋጋው ስንት ነው?»፣ «ፒያሳ ነው ወይስ አቶቴ?»፣ «ባለ ሰባት መቀመጫው አለ?» የሚለው ግን በሩ ላይ የቆመ ነው። በአራቱ የመጨረሻ ቪዲዮዎች ሥር ካሉት 212 አስተያየቶች 74ቱ ዋጋ፣ አድራሻ ወይም ዓይነት የሚጠይቁ ቢሆኑ 35 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ራስን ማታለል ይመጣል፦ «ዋጋ በኢንቦክስ» ያለ ቪዲዮ ሥር ዋጋ ጠያቂ መብዛቱ አይቀርም። ስለዚህ ዋጋ የተነገረበትን ዋጋ ካልተነገረበት ጋር አታወዳድሩ።

ምልክት፦ «ተመልካቾችህ አዲስ አበባ ናቸው፤ ለእኛ ምን ይጠቅሙናል?»

ባለሱቁ ይህን የሚሉት TikTok Studio ውስጥ Analytics፣ ከዚያ Viewers የሚለውን ከፍታችሁ ያሳያችኋቸው የከተማ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባ ከላይ ሀዋሳ ከታች ስለሆነ ነው። ዝርዝሩ ውሸት አይደለም፣ ግን ግምት ነው። መተግበሪያው ቦታ ከሚገምትባቸው ነገሮች አንዱ የኢንተርኔት አድራሻው ነው። የሞባይል ዳታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በማዕከል በኩል ስለሚወጣ መነኸሪያ አካባቢ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አዲስ አበባ እንዳለ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ቪፒኤንም አለ። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት በተገደበ ጊዜ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ጭኖታል፤ እስከ ዛሬ ሳያጠፋው የሚጠቀም ተመልካች አውሮፓ ወይም አሜሪካ ሆኖ ይታያል።

ዝርዝሩን አትደብቁ፣ አትቁረጡትም። ከጎኑ ሌላ ማስረጃ አስቀምጡ። ቀላሉ በራሳችሁ የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚከፈት ድምፅ መስጫ ነው፦ «የት ሆናችሁ ነው የምታዩን?» ብላችሁ ሀዋሳ፣ ዙሪያዋ ያሉ ከተሞች (ሻሸመኔ፣ ይርጋለም፣ ዲላ)፣ አዲስ አበባ፣ ውጭ አገር የሚል ምርጫ ስጡ። ከ9,000 አባላት 1,140 ሰው መልሶ 627ቱ ሀዋሳ ቢሉ 55 በመቶ ነው። የመለሰው ከስምንት አንዱ ገደማ መሆኑን አብራችሁ ጻፉ፤ የሚመልሱት ይበልጥ የሚከታተሏችሁ ስለሆኑ ቁጥሩ ለሁሉም አባል አይሠራም። የ61ዱ ጥሪዎች ሰፈርም ከተመዘገበ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ስፖንሰሩ ሎጅ ወይም ሆቴል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። እንግዳው ቅዳሜና እሑድን ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ስለሆነ የአዲስ አበባው ቁጥር ራሱ ማስረጃችሁ ይሆን ነበር።

ምልክት፦ «ይሄ ስክሪንሹት የመቼ ነው?»

መተግበሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያል፣ ውሉ የተጻፈው በእኛ ነው፤ ሁለቱ ሳይታረቁ ሲቀርቡ የሂሳብ ሠራተኛው ወሩን ማገናኘት ያቅተዋል። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ቀኑን በሁለቱም ጻፉ። ጠርዙን አትቁረጡ፤ የመለያ ስማችሁና የጊዜው ገደብ ይታይ። የሚጠራጠር ካለ ከመነሻ ገጻችሁ ተነስታችሁ ቁጥሩ ጋ እስክትደርሱ ያለውን ስክሪኑን ቀርጻችሁ ላኩ፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ምስሎቹ በአባሪ ይሄዳሉ። ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል፦

> ጉዳዩ፦ የማስታወቂያ ክፍያ ማሻሻያን ይመለከታል
>
> ከድርጅትዎ ጋር በቪዲዮ 12,000 ብር ተዋውለን ስንሠራ ቆይተናል። በውሉ መጀመሪያ የወጡት አራት ቪዲዮዎች በሰባት ቀን ውስጥ ያገኙት የመሃል እይታ 5,500 ሲሆን የመጨረሻዎቹ አራት 8,750 ደርሷል። በድርጅትዎ ወጪ የተስፋፋው እይታ አልተካተተም። ባለፉት 30 ቀናት ለዚህ ሥራ በተመደበው ስልክ 61 ጥሪ ገብቷል፤ 14 ገዢዎች የይለፍ ቃሉን ተናግረዋል፤ ዝርዝሩ ካሸር ዘንድ ባለው ደብተር ይገኛል።
>
> በመሆኑም ከሚቀጥለው ውል ጀምሮ ክፍያው በቪዲዮ 18,000 ብር እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ክፍያ የአንድ እይታ ዋጋ ከመጀመሪያው ውል ያነሰ ነው። ስሌቱ በአባሪ 1 ቀርቧል።

18,000 ብሩ ግብር ከመቀነሱ በፊት ይሁን በኋላ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ይህ ሳይጻፍ ተስማምተው በመጀመሪያው ክፍያ ቀን የሚጣሉ ብዙ ናቸው።

ምልክት፦ «ከዚህ ባነሰ የሚሠራልን አለ»

ቁጥሩን አትከራከሩ፤ የሌላውን ሰው እይታ አታውቁትም። ዋጋውን ወዲያው ከማውረድ ይልቅ በ12,000 ብር የሚቀጥል ከሆነ የሚቀነሰውን ንገሯቸው፦ ቪዲዮውን ሱቁ በራሱ ገጽ የማስፋፋት መብት፣ ለሌላ ፈርኒቸር ሱቅ ያለመሥራት ግዴታ፣ ወይም ቪዲዮውን ገጹ አናት ላይ ሰክቶ ማቆየት። እነዚህ እስካሁን በነጻ ሲሰጡ የቆዩ ስለሆነ ብዙ ባለሱቅ ዋጋ እንዳላቸው የሚያስተውለው ሊነሱበት ሲሉ ነው፤ ድርድሩ 15,000 ወይም 16,000 ላይ የሚያርፈውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው።