የሱቃችን የሥራ ሰዓትና «ዝግ ነን» የሚለው መልስ፦ ችግርና መፍትሄ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ደብረ ማርቆስ ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቃችን የዋትስአፕ ቢዝነስ አካውንት አለው። አካውንቱ ላይ የሥራ ሰዓት አስገብተናል። ሱቁ ሲዘጋ በራሱ የሚሄድ መልስም አለው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምክንያት ሰው እየተጉላላ ስለሆነ፣ የሚያጋጥማችሁን ከነምክንያቱና ከነመፍትሄው ጽፈንላችኋል።

ችግር፦ በተጻፈው ሰዓት መጥቼ ሱቁ ዝግ ነው

ብዙ ሰው ያሳሳተው ይሄ ነው። ዋትስአፕ የሥራ ሰዓትን የሚቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛን ሰዓት የምናስገባበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ቅዳሜን ስትከፍቱ 8:30 AM – 1:00 PM የሚል ታያላችሁ። ይህ በእኛ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 7:00 ነው።

አንድ አባት ከሉማሜ ቆርቆሮ ሊገዙ አስበው ልጃቸው ስልኩን አነበበላቸው። ልጁ «ከሰዓት 8:30 ይከፍታሉ፣ ማታ 1 ሰዓት ይዘጋሉ» አላቸው። በእኛ ሰዓት ሲነበብ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራ ሱቅ ይመስላል። አይሱዙ ተከራይተው ልክ 8:30 ላይ ደረሱ። እኛ ከዘጋን አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። የመኪናውን ኪራይ በከንቱ ከፈሉ። በጣም አዝነናል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከ7 በታች የሆነ ቁጥር ላይ 6 ጨምሩ፤ ከ7 ጀምሮ ካለው ላይ 6 ቀንሱ። 8:30 ሲቀነስለት 2:30 ይሆናል። 1:00 ሲጨመርበት 7:00 ይሆናል። አንዳንድ ስልክ 1:00 PM በማለት ፈንታ 13:00 ይላል፤ እሱም ሲቀነስለት ያው 7:00 ነው። ሪያድና ጅዳ ሆናችሁ ለቤተሰብ ዕቃ የምታዙ፣ የእናንተ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ስልካችሁ የሚያሳየውን እንዳለ ውሰዱት።

ማስላት ለማይፈልግ፣ መግለጫው ላይ በአማርኛ እንዲህ ብለን ጽፈናል፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 12:30፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 7:00፣ እሑድ ዝግ። ሁለቱ የተለያዩ ከመሰላችሁ የአማርኛውን እመኑ።

ችግር፦ አካውንቱ «ክፍት» ይላል፣ መልሱ ግን «ዝግ ነን» ይለኛል

ይሄ የሚሆነው በበዓል ቀን ነው። የሥራ ሰዓቱ የሚሞላው በሳምንቱ ቀናት ነው፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ይሄዳል እንጂ መስቀልን ወይም ጥምቀትን አያውቅም። መስቀል ረቡዕ ላይ ቢውል አካውንቱ እንደማንኛውም ረቡዕ «ክፍት» ይላል።

መልሱን ግን ለብቻው ማስተካከል ይቻላል። በአዘቦት Outside of business hours የሚለው ላይ ስለሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ ይልካል። በዓል ሲመጣ Custom schedule ላይ አድርገን የምንዘጋበትንና የምንከፍትበትን ቀንና ሰዓት እንሞላለን። ስለዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ትክክሉ የመጣላችሁ መልስ ነው። የምንከፍትበት ቀንም እዚያው ላይ አለ።

ችግር፦ ማታ ጻፍኩ፣ ምንም መልስ አልመጣም

መልእክታችሁ አጠገብ ያለውን ምልክት እዩ። አንድ ግራጫ ብቻ ከሆነ ስልካችን ጋ አልደረሰም። መብራት ወይም ኔትዎርክ ጠፍቶ ይሆናል። መልሱ የሚሄደው ስልካችን ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ ሲዘጋ እሱም ይቆማል። «ዝግ ነን አላሉኝም፣ ስለዚህ ክፍት ናቸው» ብላችሁ መንገድ አትጀምሩ። ከሩቅ የምትመጡ፣ ከአማኑኤልም ይሁን ከደጀን፣ ከመነሳታችሁ በፊት በተራ ጥሪ ደውሉልን። ለጥሪ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ችግር፦ ማታ የባንክ ደረሰኝ ላኩ፣ «መልእክትዎ ደርሶናል» ተባልኩ፣ ጠዋት ግን ዕቃው አልተጫነም

ያ መልስ በራሱ የሚሄድ ነው። ሰላምታም ብትጽፉ፣ ደረሰኝም ብትልኩ ያው ነው። ማንም ሰው ደረሰኙን አላየም፣ ገንዘቡ መግባቱም አልተረጋገጠም። ለዚህ ስንል ጽሑፉን ቀይረነዋል። አሁን የሚደርሳችሁ ይህ ነው፦

«ሱቃችን አሁን ዝግ ነው። ይህ መልስ በራሱ የሚላክ ነው፤ ትዕዛዝ ወይም ክፍያ መቀበላችንን አያረጋግጥም። ስንከፍት ሰው ይመልስልዎታል።»

ትዕዛዙ ተያዘ የሚባለው ከእኛ አንዱ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛቱንና ዋጋውን ጠቅሶ ሲጽፍላችሁ ነው። እስከ ጠዋቱ 3:30 እንዲህ ያለ መልስ ካልደረሳችሁ ደውሉ። ዋጋ በሌሊት ጠይቃችሁ ከሆነም የጠዋቱን መልስ ጠብቁ፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ስለሚቀያየር የትናንቱን ይዛችሁ ገንዘብ አትላኩ።