ኤፍ ያለበትን ኮርስ ሲደግሙ ሲጂፒኤ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ምሳሌ ይዘን እንነሳ። ከመሐል ሜዳ መጥቶ ደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ በአንደኛ ዓመት 34 ክሬዲት ወሰደ እንበል። ባለ 4 ክሬዲቱ የሒሳብ ኮርስ ላይ ኤፍ አገኘ። የእያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት በግሬዱ ዋጋ ተባዝቶ (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0) ሲደመር ነጥቡ 64 ሆነ። 64 ለ34 ሲካፈል 1.88 ነው፤ ለመመረቅ ከሚያስፈልገው 2.00 በታች ማለት ነው። በሁለተኛ ዓመት ያንን ኮርስ ከ16 ክሬዲት አዳዲስ ኮርሶች ጋር ደግሞ ሲ አገኘ። ከአዲሶቹ 40 ነጥብ፣ ከተደገመው 8 ነጥብ ሰበሰበ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ክሬዲቱን ሁለት ጊዜ በመቁጠር ነው። ልጁ በዚህ ሴሚስተር የተመዘገበው 20 ክሬዲት ስለሆነ 34 ላይ 20 ደምሮ 54 ይላል፤ ነጥቡ 112 ነውና 112 ÷ 54 = 2.07 ብሎ ያርፋል። አዲሱ ግሬድ አሮጌውን ሲተካ ግን አሮጌው ኤፍ ከነክሬዲቱ ከስሌቱ ይወጣል። ያ 4 ክሬዲት በ34ቱ ውስጥ ቀድሞውኑ ስላለ የሚጨመረው 16ቱ ብቻ ነው። ትክክለኛው 112 ÷ 50 = 2.24 ነው። ከዜሮ ጋር የሚባዛ ነገር ነጥብ አይጨምርም አይቀንስም ብሎ ኤፍን ችላ የሚል አለ፤ የኤፍ ጉዳት ግን ያለው አካፋዩ ላይ ነው።

የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም ደግሞ የሴሚስተር ጂፒኤን ከድሮው ሲጂፒኤ ጋር ማማከል ነው። የዚህ ልጅ የሴሚስተር ጂፒኤ 48 ÷ 20 = 2.40 ነው፤ በሴሚስተሩ ውስጥ የተደገመው ኮርስም በሙሉ ክሬዲቱ ይቆጠራል። 1.88ን እና 2.40ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 2.14 ይሰጣል፤ ይህ ቁጥር የምንም ነገር ውጤት አይደለም። ሁልጊዜ ወደ ነጥብና ክሬዲት ተመለሱ።

የግሬድ ወረቀቱ ሲወጣ ሲጂፒኤውን ብቻ አይቶ ማጠፍም አይበጅም። መተካቱ በትክክል መመዝገቡን የሚነግራችሁ የጠቅላላ ክሬዲቱ ቁጥር ነው። ልጁ 50 የሚል ካየ ተተክቷል፤ 54 የሚል ካየ ሁለቱም ግሬድ እየተቆጠሩ ነው። ይህ በተለይ ካሪኩለም ተቀይሮ የኮርሱ ኮድ ሲለወጥ ያጋጥማል፤ ሲስተሙ አዲሱን ኮድ እንደ ሌላ ኮርስ ያየዋል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ዲፓርትመንቱ አዲሱ ኮርስ የድሮው ምትክ መሆኑን በደብዳቤ ለሪጅስትራር እንዲያሳውቅ አድርጉ። ከሴሚስተሩ በኋላ መሯሯጥ በጣም ያደክማል።

«ቶሎ ካልደገምኩት ጥቅሙ ያልቃል» የሚል ሥጋትም አለ። ግማሹ እውነት ነው። ኤፍን ወደ ሲ መቀየር 8 ነጥብ ይጨምራል፤ ጠቅላላው 50 ክሬዲት ሲሆን ሲጂፒኤውን በ0.16 ያነሳል፣ 100 ክሬዲት ሲሆን በ0.08። ዝላዩ እያነሰ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ውጤት ሁሉ ያው ከሆነ ግን 8ቱ ነጥብ በሁለተኛ ዓመትም ይግባ በአራተኛ፣ የምረቃው ቀን ሲጂፒኤ አንድ ነው። መቸኮል የሚገባው በሌላ ምክንያት ነው፦ ያ ሒሳብ ለሌሎች ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ሰንሰለቱ በሙሉ ይቆማል፤ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነም አንድ ሴሚስተር ማሳለፍ አንድ ዓመት ይሆናል። በመሃል ሲጂፒኤው ከ2.00 በታች ሆኖ መቆየቱም ማስጠንቀቂያ፣ አልፎም ዲስሚሳል ሊያስከትል ይችላል።

ስለ ዲም አንድ ነገር። ያለፈ ኮርስ መድገም ሲፈቀድ ዲን ወደ ቢ ማንሳት በ4 ክሬዲት 8 ነጥብ ነው፣ ኤፍን ወደ ሲ ከማንሳት እኩል። ልዩነቱ አደጋው ላይ ነው። ኤፍ የደገመ እንደገና ኤፍ ቢያገኝ ነጥቡ ከዜሮ ስለማይወርድ በዚያ ኮርስ ምክንያት ሲጂፒኤው ከነበረበት አይቀንስም። አዲሱ ግሬድ ከፍም ይበል ዝቅ የሚተካበት ደንብ ላይ ግን ዲ ይዞ ደግሞ ኤፍ ያገኘ 4 ነጥብ ያጣል፣ ያለፈውን ኮርስም ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ «የሚተካው የተሻለው ነው ወይስ የመጨረሻው?» ብሎ ሪጅስትራርን መጠየቅ ያለበት ከኤፍ ባለቤት ይልቅ የዲ ባለቤት ነው።